የደከመውን ሩብ ዓመት ለኢንቨስተር ሲጽፉ

ገንዘባቸውን በጀማሪ ኩባንያ ላይ ያዋሉ ሰዎች በየሦስት ወሩ አንድ ደብዳቤ ይጠብቃሉ። ብዙ ጊዜ ከሁለት ገጽ አይበልጥም። ሽያጩ ስንት እንደነበረ፣ ደንበኛው ጨመረ ወይስ ቀነሰ፣ በባንክ ያለው ገንዘብ እስከ መቼ እንደሚያደርስ የሚነግራቸው እሱ ነው። በኦዲተር የተመረመረ ሒሳብ በዓመት አንድ ጊዜ ቢደርሳቸው ነው፤ በመሀል ያለውን ሁሉ የሚያውቁት ከዚህ ደብዳቤ ነው። ከእነዚህ ሰዎች መካከል የመሥራቹ የቀድሞ አለቃ አለ፣ አጎት አለ፣ ዋሽንግተን ሆኖ ከደመወዙ ቆጥቦ የላከ የትምህርት ቤት ጓደኛም አለ።

ሩብ ዓመቱ ጥሩ ከነበረ ደብዳቤውን ለመጻፍ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ሲደክም ግን ነገሩ ይለወጣል። ቁጥሮቹ እየሳሱ ቃላቱ እየወፈሩ ይመጣሉ። የሚጽፈው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ለማታለል አስቦ አይደለም የተቀመጠው። ሠራተኞቹን ይወዳል፣ በሥራው ያምናል፣ የአንድ ሩብ ዓመት ድካም የሦስት ዓመት ልፋቱን እንዳያስንቅበት ይሰጋል። እንዲህ ዓይነቱ ረቂቅ አስቸጋሪ የሚሆነውም ለዚሁ ነው፤ አንድ በአንድ ሲታይ ውሸት የሆነ ዓረፍተ ነገር አይገኝበትም።

ነገሩን በቅርብ ለማየት አንድ ማሳያ ላዘጋጅ። ድርጅቱም ቁጥሮቹም እኔ ያሰናዳኋቸው ናቸው፤ አካሄዱ ግን በዚህ ሥራ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ለሰፈር ባለሱቆች ዘይት፣ ፓስታ፣ ሳሙናና ዱቄት በስልክ ትእዛዝ ተቀብሎ ሱቃቸው ድረስ የሚያደርስ ድርጅት እናስብ። ባለሱቁ መርካቶ ወርዶ ከጅምላ ነጋዴ ከመግዛትና ታክሲ ከመጫን ይድናል። ድርጅቱ በበኩሉ ከአስመጪና ከፋብሪካ በገዛበትና ለባለሱቁ በሸጠበት መካከል ካለው ጠባብ ልዩነት ይኖራል። ከጥር እስከ መጋቢት ያለው ሩብ ዓመት አልቋል፤ መሥራቹም ይህን ረቂቅ ጽፏል፦

«ያሳለፍነው ሩብ ዓመት ለቀጣዩ ዕድገት ጠንካራ መሠረት የጣልንበት ነበር። የተመዘገቡ ባለሱቆቻችን ቁጥር በ21 በመቶ አድጎ 2,900 ደርሷል። ከተመሠረትን ጀምሮ ያደረስነው ሸቀጥ ከ200 ሚሊዮን ብር አልፏል። ወቅታዊ ሁኔታዎች በሽያጩ ላይ መጠነኛ ተጽዕኖ ቢያሳድሩም የገበያው ፍላጎት እንደ ጠነከረ ነው። ከአንድ ትልቅ አስመጪ ጋር ተስፋ ሰጪ ውይይት እያደረግን እንገኛለን። የገንዘብ አቋማችንም ዕቅዳችንን ለማስፈጸም በቂ ነው።»

ጥሩ ወሬ ይመስላል። በሒሳብ ሠራተኛዋ ኮምፒውተር ላይ ያለው ግን ሌላ ነው። ሽያጩ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ከነበረው 36 ሚሊዮን ብር ወደ 30.6 ሚሊዮን ወርዷል፤ የ15 በመቶ ቅናሽ ነው። በካርቶን ሲቆጠር ደግሞ ከ24,000 ወደ 18,700 ወርዷል፤ ይህ 22 በመቶ ነው። የሁለቱ ልዩነት የመጣው የካርቶኑ አማካይ ዋጋ በመጨመሩ ነው፤ የዋጋ ንረት የሽያጩን ድካም በከፊል ሸፍኖታል። ከመቶ ብር ሽያጭ የሚቀረው ጥቅል ትርፍም ከ9 ብር ወደ 7 ብር ዝቅ ብሏል።

እንግዲህ ረቂቁን ይዘን እንውረድ። ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህን ያነበበ ኢንቨስተር ቁጥሩን ቢገምት፣ የሚገምተው ከትክክለኛው ይቀርባል ወይስ ይርቃል?

«የተመዘገቡ ባለሱቆች 2,900 ደረሱ» የሚለው እውነት ነው። ግን የምዝገባ ቁጥር ከመጨመር በቀር ሌላ ነገር አያውቅም፤ አንዴ የተመዘገበ ባለሱቅ ሱቁን ዘግቶ አገር ቤት ቢገባ እንኳ ከቁጥሩ አይወጣም። መጠየቅ ያለበት ባለፉት 30 ቀናት ቢያንስ አንድ ጊዜ ያዘዘው ስንት ነው የሚለው ነው። በታኅሣሥ መጨረሻ 1,150 ነበሩ፤ በመጋቢት መጨረሻ 940 ሆነዋል። ወረድ ብለን ስንመረምረው ከ1,150ዎቹ ማዘዛቸውን የቀጠሉት 790 ብቻ ናቸው፤ 360ዎቹ አቁመዋል። በሩብ ዓመቱ ከተመዘገቡት 500 አዳዲስ ሰዎች ደግሞ እያዘዙ ያሉት 150 ናቸው። በ21 በመቶ ዕድገት ሥር የተደበቀው ይህ ነው፤ የድርጅቱ ዋና ችግርም ይኸው ነው።

«ከተመሠረትን ጀምሮ 200 ሚሊዮን ብር» የሚለውም ከዚያው ወገን ነው። ከመነሻው ጀምሮ የተደመረ ቁጥር በሥዕል ሲቀርብ ሁልጊዜ ወደ ላይ የሚወጣ መስመር ይሆናል፤ ሽያጩ በግማሽ ቢወድቅ እንኳ መስመሩ መውጣቱን አይተውም። የሩብ ዓመት ደብዳቤ ውስጥ ቦታ የለውም። የግድ ይግባ ከተባለ ከየሩብ ዓመቱ ሽያጭ ሥር ይግባ፤ በእሱ ምትክ ግን አይሁን።

«ወቅታዊ ሁኔታዎች» ወደሚለው ስንመጣ መሥራቹ ያሰበው ዐቢይ ጾምን ነው። ከሁዳዴ ጋር ገበያ ይቀዘቅዛል መባሉ ለሥጋና ለቅቤ ነጋዴ ልክ ነው። ይህ ድርጅት ግን የሚሸጠው ዘይት፣ ፓስታና ሳሙና ነው። በጾም ዘይት ይበልጥ ይፈለጋል እንጂ አይቀንስም። ደግሞም ማጣራት ቀላል ነው፤ ያለፈውን ዓመት ተመሳሳይ ሦስት ወር ማየት ነው። ያኔም ጾሙ ነበር፣ ሽያጩ ግን ከቀደመው ሩብ ዓመት ጨምሮ ነበር። ስለዚህ ምክንያቱ ጾም አይደለም። ወቅትን ምክንያት አድርጎ የሚጽፍ ሰው ያለፈውን ዓመት ተመሳሳይ ወራት ቁጥር አብሮ ማስቀመጥ አለበት፤ ማስቀመጥ ካልቻለ ምክንያቱን ይተወው።

ታዲያ ምን ሆነ? እዚህ ላይ ደብዳቤ ጻፊው ከወንበሩ መነሳት ይኖርበታል። የሽያጭ ሠራተኞቹ ማዘዝ ካቆሙት 360 ባለሱቆች ለ60ዎቹ ደወሉ። ሠላሳ አራቱ «ዕቃው ይዘገያል» አሉ፤ 15ቱ ዋጋው መርካቶ ይሻላል አሉ፤ 11ዱ ዱቤ ስለተከለከሉ ነው የተዉት። መዘግየቱ ከየት መጣ ሲባል ከየካቲት መጀመሪያ ጀምሮ አዳማ ላይ ሥራ ለመክፈት ሲባል ሁለት አይሱዙ ወደዚያ ተዛውረዋል። አዲስ አበባ ላይ በማግስቱ ይደርስ የነበረው ዕቃ ሦስት ቀን መፍጀት ጀመረ። ዘይት ያለቀበት ባለሱቅ ደግሞ ሦስት ቀን አይጠብቅም። ጎረቤት ሱቅ ደንበኛውን ሳይወስድበት መርካቶ ይወርዳል፤ እዚያ ከለመደ በኋላ መመለሱ ያስቸግራል። የተሳሳተው የራሱ የመሥራቹ ውሳኔ መሆኑ ነው ዓረፍተ ነገሩን ያደበዘዘው። «ወቅታዊ ሁኔታዎች» ሲባል ማንም ያደረገው ነገር የለም፤ «ሁለት መኪና ወደ አዳማ አዛወርን» ሲባል ግን አድራጊው ይታያል።

«ተስፋ ሰጪ ውይይት» የሚለው አጭር ጥያቄ ነው የሚበቃው፦ የት ደርሷል? ከአስመጪው ጋር ሁለት ጊዜ ተገናኝተዋል፤ የዋጋ ዝርዝር ተቀብለዋል፤ የተፈረመ ነገር የለም። እንዲሁ ብሎ መጻፍ ነው። በትንበያው ውስጥ ተቆጥሮ እንደሆነና እንዳልሆነም መግለጽ ያስፈልጋል።

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ከሁሉም የከፋ ነው ብዬ አምናለሁ። መሥራቹ «በቂ» ሲል በልቡ ሰባት ወር ያህል ቆጥሯል። በባንክ 11.5 ሚሊዮን ብር አለ፤ ባለሱቆች በዱቤ ወስደው ከ60 ቀን በላይ ያልከፈሉት 4.1 ሚሊዮን ብር አለ፤ ድርጅቱ ከሚያስገባው በላይ በየወሩ 2.3 ሚሊዮን ያወጣል። ሁለቱን ደምሮ ለ2.3 ሲያካፍል ወደ ሰባት ወር ይጠጋል። ግን ከ60 ቀን ያለፈ ዱቤ በእጅ እንዳለ ገንዘብ አይቆጠርም፤ የተወሰነው ጭራሽ አይመለስም። በባንክ ያለው ብቻ ሲካፈል አምስት ወር ነው፤ ሚያዝያ፣ ግንቦት፣ ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ። ገንዘቡ ከዕንቁጣጣሽ በፊት ያልቃል። ወርሃዊው ወጪ በቀደመው ሩብ ዓመት 1.9 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ ወደ 2.3 ያደገውም ደመወዝ ጨምሮ አይደለም፤ ሽያጩና ትርፉ ስለቀነሰ ነው።

ይህ ቀን ከሁሉ በፊት መጻፍ ያለበት ምክንያት አለ። ኢንቨስተር ተጨማሪ ገንዘብ ለመስጠት ቢወስን እንኳ ሒሳቡን ሊያይ፣ ከሌሎቹ ጋር ሊመክር፣ ስምምነቱን ሊያስረቅቅ፣ ገንዘቡን ከውጭ ሊያስተላልፍ ወራት ይፈጅበታል። በአምስት ወር ርቀት የተነገረው ሰው አማራጭ አለው፤ ሊያበድር ይችላል፣ ሌላ ባለሀብት ሊያገናኝ ይችላል፣ «አዳማን ዝጉ» ብሎ ሊመክር ይችላል። በሐምሌ መጨረሻ፣ አንድ ወር ሲቀር የሚነገረው ሰው ግን የሚቀርለት መስጠት ወይም መተው ነው። ያን ጊዜ መጋቢት ላይ «በቂ» የሚለውን ደብዳቤ ማውጣቱና ደግሞ ማንበቡ አይቀርም። ከዚያ በኋላ መሥራቹ የሚናገረውን እውነት እንኳ በጥርጣሬ ነው የሚሰማው።

አሁን ደብዳቤው እንደገና ሲጻፍ እንዲህ ይሆናል፦

«ይህ ሩብ ዓመት ደካማ ነበር። ሽያጫችን ከ36 ወደ 30.6 ሚሊዮን ብር ወርዷል፤ በካርቶን ሲቆጠር ቅናሹ 22 በመቶ ነው። በወር ቢያንስ አንድ ጊዜ የሚያዙን ባለሱቆች ከ1,150 ወደ 940 ቀንሰዋል። በባንክ 11.5 ሚሊዮን ብር አለን፤ አሁን ባለው የወጪ መጠን እስከ ነሐሴ መጨረሻ ያደርሰናል። ከ60 ቀን በላይ ያልተከፈለን 4.1 ሚሊዮን ብር ዱቤ በዚህ ስሌት ውስጥ አልገባም።

«ዋናው ምክንያት የማድረሻ ጊዜያችን መርዘሙ ይመስለናል። በየካቲት ሁለት መኪና ወደ አዳማ በማዛወራችን አዲስ አበባ ላይ ከአንድ ቀን ወደ ሦስት ቀን ደርሷል። ማዘዝ ካቆሙት 360 ባለሱቆች 60ውን ጠይቀን 34ቱ ይህንኑ ነግረውናል፤ የቀሩትን ገና አልጠየቅንም። ጥቅል ትርፋችን ከ9 ወደ 7 በመቶ የወረደበትን ምክንያት አጣርተን አልጨረስንም፤ በግንቦት አጋማሽ እናሳውቃችኋለን።

«ሁለቱን መኪናዎች በዚህ ሳምንት መልሰናል። ከ45 ቀን በላይ ዕዳ ላለበት ሱቅ አዲስ ዱቤ አቁመናል፤ ይህ ለጊዜው ሽያጩን ተጨማሪ ሊቀንሰው እንደሚችል እናውቃለን። በሰኔ መጨረሻ የማድረሻ ጊዜው ወደ አንድ ቀን ተመልሶ የሚያዙን ባለሱቆች ከ1,000 ካልበለጡ ምክንያቱን በትክክል አላገኘነውም ማለት ነው፤ ያኔ ወጪያችንን በአንድ ሦስተኛ እንቀንሳለን። ከእናንተ የምንፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ በጅምላ ዱቤ አሰባሰብ ልምድ ያለው ሰው እንድታገናኙን፣ እና ስለ ተጨማሪ ገንዘብ በግንቦት የመጀመሪያ ሳምንት እንድንነጋገር።»

የቃሉ ልክ እዚህ ላይ መታየት አለበት። ደካማውን ሩብ ዓመት አውጥቶ መጻፍ ማለት ደረት መድቃት አይደለም። «ከባድ ውድቀት ደርሶብናል፣ እምነታችሁን አላከበርንም» ብሎ የሚጽፍ መሥራች አጋጥሞኛል፤ ያም ደብዳቤ ቁጥር አልነበረበትም። እንዲህ ያለው ልቅሶ እንደ ማድበስበሱ ሁሉ አንባቢውን ባዶ እጁን ይተወዋል፤ ኢንቨስተሩ ደንግጦ ይደውላል እንጂ ምን እንደሆነ አያውቅም። ባዘጋጀሁት ደብዳቤ ውስጥ ስሜት የሚገልጽ ቃል ያለው አንድ ብቻ ነው፤ «ደካማ» የሚለው። የቀረውን ቁጥሮቹ ይናገራሉ። «ይመስለናል» የሚለውም ለማምለጫ የገባ አይደለም። ከ360 ሰው 60ውን የጠየቀ ሰው የሚያውቀው ያን ያህል ስለሆነ ነው፤ ስንት ሰው እንደተጠየቀም አብሮ ተጽፏል። መጠኑ የተነገረ ጥርጣሬ አንባቢውን ይረዳዋል፤ በደፈናው «ልዩ ልዩ ምክንያቶች» ማለት ግን አይረዳውም።

ጥሩውም ነገር ይጻፍ። ከ1,150ዎቹ 790ው መዘግየቱን ታግሠው መቅረታቸው ትልቅ ዜና ነው። ከዚህ በታች አንድ አንቀጽ ይገባዋል፤ ብቻ ከቅናሹ በኋላ እንጂ በፊት አይምጣ።

ከውጭ በዶላር ገንዘብ ለላኩ ኢንቨስተሮች አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር አልፏል። በዚያ ጊዜ ሽያጩ በብር 40 በመቶ ያደገ ድርጅት በዶላር ሲመነዘር ወርዶ ተገኝቶ ይሆናል። «40 በመቶ አደግን» የሚለው ስህተት የለበትም፤ ቦስተን ሆኖ የሚያነበው ዘመድ ግን በዶላር ነው የሚያስበው። መፍትሔው በብርም በዶላርም ማቅረብ፣ የተጠቀሙበትን ተመንና ቀኑን መጻፍ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዋጋም ምንዛሪም የማይነካውን መጠን ማስቀመጥ ነው፤ በእኛ ማሳያ ካርቶን፣ በሌላው ጉዞ ወይም የተከፈለ ምዝገባ።

መለኪያን ማሳመር የትንንሾች ብቻ አይደለም። የአሜሪካው ግሩፖን በ2011 (እ.ኤ.አ.) አክሲዮኑን ለሕዝብ ሊሸጥ ሲዘጋጅ፣ አዳዲስ ደንበኛ ለማምጣት ያወጣውን የማስታወቂያ ወጪ የሚያስቀር የራሱን መለኪያ አቅርቦ ነበር። በዚያ መለኪያ የ2010 ውጤቱ ወደ 61 ሚሊዮን ዶላር ትርፍ ነበር፤ በተለመደው ሒሳብ ግን የሥራ ኪሳራው 420 ሚሊዮን ዶላር ነበር። የሰነዶች ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ጥያቄ ካነሳ በኋላ መለኪያውን ከሰነዱ አስወጣው። ግሩፖን ሁለቱንም ቁጥር ጽፎ ስለነበር አንባቢ ማነጻጸር ቻለ። የእኛ ረቂቅ ግን ሁለተኛውን ቁጥር ጭራሽ አላስገባውም።

አሜሪካ ውስጥ ኢንቨስተር ያለው ሰው የሕጉን መስመርም ማወቁ አይከፋም። ከአክሲዮን ሽያጭ ጋር በተያያዘ እዚያ የሚከለከለው ውሸት መናገር ብቻ አይደለም፤ የተናገሩት ነገር አንባቢን እንዳያሳስት የሚያስፈልገውን ቁም ነገር ማስቀረትም ነው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2024 (እ.ኤ.አ.) ልዩነቱን አስምሮበታል፤ በዚህ ድንጋጌ መሠረት ፍጹም ዝምታ ብቻውን አያስጠይቅም፣ በግማሽ የተነገረ እውነት ግን ያስጠይቃል። «የተመዘገቡ ባለሱቆች በ21 በመቶ አደጉ» ብሎ የሚያዙት በ18 በመቶ መቀነሳቸውን መተው በየትኛው ወገን እንደሚወድቅ አንባቢው ይፍረድ። ይህን ደብዳቤ ተማምኖ ተጨማሪ ገንዘብ የሰጠ ሰው ካለ ጉዳዩ ይከብዳል።

አንዳንድ መሥራቾች ደብዳቤው ከኢንቨስተር እጅ ወጥቶ ተፎካካሪ ዘንድ ይደርሳል ብለው ይሰጋሉ። ስጋቱ መሠረት የለውም አልልም። የአስመጪውን ስም፣ የግዢ ዋጋን፣ የሠራተኛ ደመወዝን ማስቀረት ተገቢ ነው፤ «ስሙን ለጊዜው አንገልጽም» ተብሎ ይጻፍ። ሽያጭን፣ የሚያዙ ደንበኞችን ቁጥርና ገንዘቡ የሚያልቅበትን ወር ግን በዚህ ሰበብ ማስቀረት አይቻልም። እነዚህ ሦስቱ ኢንቨስተሩ ገንዘቡን ሲሰጥ ሊያውቃቸው የተስማማባቸው ናቸው።

ደብዳቤውን ከመላክ በፊት በዚህ ማሳያ መሥራቹ ሊያደርግ የሚገባው ለሒሳብ ሠራተኛዋ ማስነበብ ነው። «ቆንጆ ነው?» ብሎ አይጠይቃት፤ ቁጥሮቹን ሸፍኖ ይስጣትና ሽያጩ ስንት እንደሆነ ከቃላቱ ብቻ ትገምት። የመጀመሪያውን ረቂቅ አንብባ «ጨምሯል» የምትል ከሆነ ረቂቁ ገና ነው። ከዚያ የሰኔው ደብዳቤ ቅርጽ ዛሬውኑ ይዘጋጅ፤ ያው ሠንጠረዥ፣ የሚያዝ ባለሱቅ ማለት ያው በ30 ቀን ውስጥ ያዘዘ፣ ያው የካርቶን ቁጥር። በሰኔ 1,000ው ባይሞላ ትርጉሙን ወደ 60 ቀን አስረዝሞ ቁጥሩን ማሳደግ ቀላል ስለሆነ፣ ትርጉሙ ከሠንጠረዡ ሥር አሁን ይጻፍ። የሰኔው ደብዳቤ የሚጀምረውም በመጋቢት ከተጻፈው ላይ ነው፦ መኪናዎቹ ተመለሱ ወይ፣ ዕቃው በስንት ቀን ይደርሳል፣ ከ4.1 ሚሊዮኑ ዱቤ ስንቱ ተሰበሰበ።